የ1.64 ምርመራ፦ በበቆሎና ቦሎቄ ስብጥር የታየው የምርት ብልጫ ምን ያህሉ እውነት ነበር?

የጉዳዩ መነሻ

ይህ ጽሑፍ በስምጥ ሸለቆ ደቡባዊ ክፍል በሚገኝ አንድ ወረዳ ለሁለት ተከታታይ የበልግ ወቅቶች የተካሄደን የመስክ ሙከራ ይመለከታል። ሙከራውን የመራው በሰብል ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪውን በማጠናቀቅ ላይ የነበረ ወጣት ተመራማሪ ሲሆን፣ እኔ የገባሁበት የመጀመሪያው ወቅት መረጃ ተሰብስቦ ሪፖርቱ ከተረቀቀ በኋላ፣ የስሌቱን ክፍል እንዳይለት በተጠየቅሁ ጊዜ ነው። የተሳታፊዎቹን ማንነትና የቦታውን ስም ሆን ብዬ ትቻለሁ።

ሙከራው ቢኤች-540 የተባለውን በቆሎና ሀዋሳ ዱሜ የተባለውን ቀይ ቦሎቄ አሰባጥሮ መዝራት የሚያስገኘውን ጥቅም ለመለካት የታቀደ ነበር። ሦስት ዓይነት መደቦች በአራት ድግግሞሽ ተዘጋጅተዋል፤ እነርሱም በቆሎ ለብቻው፣ ቦሎቄ ለብቻው፣ እንዲሁም ሁለቱ በስብጥር ናቸው። በስብጥሩ መደብ በቆሎው እንደተለመደው በመስመሮች መካከል 75፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲሜትር ተዘርቶ፣ በየሁለቱ የበቆሎ መስመሮች መካከል አንድ የቦሎቄ መስመር ገብቷል። ስለዚህ በቆሎው ብዛቱ ሳይቀነስ ቦሎቄው ተጨምሮበታል ማለት ነው።

የሪፖርቱ ረቂቅ የመሬት አቻ ምጣኔው 1.64 እንደሆነና ስብጥሩም «የ64 በመቶ የምርት ብልጫ» እንዳለው ይገልጽ ነበር። የወረዳው ግብርና ባለሙያዎች ይህን ቁጥር ለአርሶ አደሮች በሚሰጥ ምክር ውስጥ ለማስገባት ተዘጋጅተው ነበር።

ምጣኔው የሚለካው

የመሬት አቻ ምጣኔ የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፤ ከአንድ ሄክታር ስብጥር የተገኘውን የሁለቱን ሰብሎች ምርት፣ ሰብሎቹን ለየብቻቸው ዘርተን ለማግኘት ስንት ሄክታር መሬት ያስፈልገናል? ስሌቱ ለእያንዳንዱ ሰብል ከፊል ምጣኔ አውጥቶ ሁለቱን መደመር ነው።

```
የመሬት አቻ ምጣኔ =
   (በቆሎ በስብጥር ÷ በቆሎ ለብቻው)
 + (ቦሎቄ በስብጥር ÷ ቦሎቄ ለብቻው)
```

ውጤቱ ከ1 ከበለጠ ስብጥሩ መሬት ቆጥቧል፤ 1 ከሆነ ልዩነት የለም፤ ከ1 ካነሰ መሬት አባክኗል። በቀመሩ ውስጥ ለብቻቸው የተዘሩት ሰብሎች ሁልጊዜ አካፋይ ሆነው ይገባሉ። አካፋይ ባነሰ ቁጥር ድርሻው ይበልጣል። ስለዚህ ለብቻው የተዘራው ሰብል በማንኛውም ምክንያት ከሚችለው በታች ካመረተ፣ ስብጥሩ ምንም ሳይሻሻል ምጣኔው ከፍ ይላል። የዚህ ጉዳይ ችግር ሁሉ ከዚህች ነጥብ ይመነጫል።

ጥርጣሬውን ያስነሳው መደብ

የአራቱን ድግግሞሾች ጥሬ መረጃ ጎን ለጎን ስናስቀምጥ የበቆሎው ክፍል ጤናማ ሆኖ ታየን። ለብቻው የተዘራው በቆሎ በአማካይ 42 ኩንታል በሄክታር፣ በስብጥር የተዘራው ደግሞ 37 ኩንታል ሰጥቷል፤ ከፊል ምጣኔውም በየድግግሞሹ ከ0.87 እስከ 0.89 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ነበር። ቦሎቄው ግን እንዲህ አልነበረም።

```
ድግግሞሽ   ለብቻው   በስብጥር   ከፊል ምጣኔ
   1       16      8.0       0.50
   2       12      7.8       0.65
   3       10      7.2       0.72
   4        6      7.0       1.17
አማካይ     11      7.5
(ምርቱ በኩንታል በሄክታር)
```

አራተኛው ድግግሞሽ እንደሚለው ከሆነ፣ በበቆሎ ጥላ ሥር ያደገ ቦሎቄ ያለ ተፎካካሪ ከተዘራው ቦሎቄ በልጧል። የቦሎቄ ሥር ለበቆሎ ተስማሚ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ረጅም በቆሎ ቁጥቋጦማ ቦሎቄን አጥልቶበት ምርቱን ይጨምርለታል ማለት ለማመን ያስቸግራል። ወደ መስክ ማስታወሻው ስንመለስ መልሱ እዚያው ተጽፎ አገኘነው፤ በአራተኛው ድግግሞሽ ለብቻው የተዘራው ቦሎቄ የደረሰው መደብ ዝቅ ባለ ቦታ ላይ ስለነበር ከዘሩ በኋላ ለቀናት ውሃ ተኝቶበት ብዙ ቡቃያ ጠፍቷል።

ተመራማሪው ምጣኔውን በየድግግሞሹ ለየብቻ አስልቶ አራቱን ውጤቶች አማካይ ስላደረገ፣ ያ የተጎዳ መደብ ከድርሻው በላይ ተሰሚነት አገኘ። የአራቱ ከፊል ምጣኔዎች አማካይ 0.76 ሲሆን፣ አማካይ ምርትን ለአማካይ ምርት ብናካፍል ግን 7.5 ለ11 ማለትም 0.68 ይሆናል። የበቆሎው 0.88 ሲጨመርበት ጠቅላላው ምጣኔ ከ1.64 ወደ 1.56 ይወርዳል። አንዲት ዘር እንኳ ሳትቀየር፣ በአማካይ አወጣጥ ቅደም ተከተል ብቻ ስምንት መቶኛ ጠፋ። እንዲህ ዓይነቱን መዛባት ለመከላከል የተለመደው መንገድ ለሁሉም ድግግሞሾች አንድ ዓይነት አካፋይ፣ ማለትም ለብቻው የተዘራውን ሰብል አማካይ፣ መጠቀም ነው።

ትልቁ ስህተት

1.56 አሁንም ከፍተኛ ነበር። ተመራማሪውን ለብቻው የተዘራው ቦሎቄ በምን ያህል ርቀት እንደተዘራ ስጠይቀው፣ «መስመር ማውጫውን ላለመቀየር ሁሉንም መደብ በ75 ሳንቲሜትር አወጣነው» አለኝ። ንጽጽሩ ፍትሐዊ እንዲሆን አስቦም ነበር፤ በሁለቱም መደቦች የቦሎቄው ብዛት በሄክታር 133,333 ስለሆነ ልዩነቱ የበቆሎው መኖርና አለመኖር ብቻ ይሆናል ብሎ ነው።

ሐሳቡ የሁለቱን ሰብሎች ፉክክር ለማጥናት ትክክል ነው። ለመሬት አቻ ምጣኔ ግን አይሆንም። ምጣኔው የሚጠይቀው ቦሎቄን ለብቻው የሚዘራ ሰው የሚያገኘውን ምርት ነው፤ ቦሎቄን ለብቻው የሚዘራ ሰው ደግሞ በ40 በ10 ሳንቲሜትር፣ በሄክታር 250,000 ተክል አድርጎ እንዲዘራ ነው የሚመከረው። በ75 ሳንቲሜትር መስመር ቁጥቋጦማ ቦሎቄ መሬቱን ሳይሸፍን ይቀራል፤ ክፍተቱ ለአረም ይሆናል፣ ፀሐዩም ባዶ አፈር ላይ ያርፋል። ስለዚህ የሙከራው አካፋይ ማንም አስተዋይ አርሶ አደር የማይዘራው ዓይነት ማሳ ነበር።

ሁለተኛም ነገር አገኘን። የስብጥሩ መደብ ለበቆሎው የተመደበውን ኤንፒኤስና ዩሪያ ከተቀበለ በኋላ «ለቦሎቄው» ተብሎ ተጨማሪ 100 ኪሎ ኤንፒኤስ በሄክታር ተሰጥቶታል። ለብቻው የተዘራው በቆሎ ይህን ጭማሪ አላገኘም። ስለዚህ ከታየው ብልጫ የተወሰነው የማዳበሪያው እንጂ የስብጥሩ ላይሆን ይችላል፤ የማዳበሪያውን ድርሻ ለይቶ የሚያሳይ መደብ ደግሞ አልነበረም።

የእህሉ እርጥበት ማስተካከያ፣ ማለትም በቆሎው ወደ 12.5፣ ቦሎቄው ወደ 10 በመቶ መመለሱ፣ እንዲሁም የስብጥሩ ምርት በጠቅላላው መደብ ስፋት መካፈሉ ተመርምሮ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል።

ያልሠራው ሙከራ

መጀመሪያ የሞከርነው መረጃውን በወረቀት ላይ ለማዳን ነበር። በዚያው ወቅት ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በነበረ የዘር ማባዣ ማሳ ላይ ያው የቦሎቄ ዝርያ በ40 በ10 ተዘርቶ 18 ኩንታል በሄክታር እንደሰጠ ሰማን። ይህን አካፋይ ብናደርገው ከፊል ምጣኔው 0.42፣ ጠቅላላው ደግሞ 1.30 ይሆናል። ቁጥሩ ምክንያታዊ ስለመሰለን ለጥቂት ቀናት ልንይዘው ፈልገን ነበር። ሆኖም የማባዣው ማሳ አፈር የተለየ፣ የቀደመው ዓመት ሰብሉ የተለየ፣ አረሙም በተጨማሪ ጉልበት የተነቀለ ነበር። ደካማ አካፋይን በባዕድ አካፋይ መተካት አንዱን መዛባት በሌላ መተካት ስለሆነ ተውነው። የመጀመሪያው ወቅት ማዳበሪያም ልዩነት ስላለበት፣ ከዚያ መረጃ የሚታመን ምጣኔ ማውጣት እንደማይቻል ተስማምተን ሙከራው እንዲደገም ተወሰነ። ለተማሪው አንድ ዓመት መጨመር ቀላል ውሳኔ አልነበረም፤ ሳያጉረመርም መቀበሉን አከብርለታለሁ።

የሁለተኛው ወቅት ሙከራ

በሁለተኛው ወቅት ያደረግናቸው ለውጦች ጥቂት ነበሩ። ቦሎቄ ለብቻው በሁለት መንገድ ተዘራ፤ እንደ ቀድሞው በ75 በ10፣ እንዲሁም በሚመከረው በ40 በ10። በቆሎም ለብቻው በ75 በ30 እና ጠበቅ አድርጎ በ75 በ25 ተዘራ። ሁለተኛው የበቆሎ መደብ ያስፈለገበት ምክንያት በስብጥሩ ውስጥ የጠቅላላው ተክል ብዛት ስለሚጨምር ነው፤ በቆሎውን ራሱን በማጥበቅ ሊገኝ የሚችል ምርት ካለ፣ ያንን የስብጥር ብልጫ ብሎ መጥራት አይገባም። በቆሎ ባለባቸው መደቦች ሁሉ ማዳበሪያው እኩል ሆነ፤ የስብጥሩ መደብም ለቦሎቄው ተብሎ የሚጨመርለት ቀረ። ውሃ የሚተኛበት ዝቅተኛ ቦታም ከሙከራው ውጭ ተደረገ።

ውጤቱ በኩንታል በሄክታር የሚከተለው ነበር።

```
በቆሎ ለብቻው፣ 75 በ30      39
በቆሎ ለብቻው፣ 75 በ25      41
ቦሎቄ ለብቻው፣ 75 በ10      12
ቦሎቄ ለብቻው፣ 40 በ10      18
ስብጥር፦ በቆሎ 34፣ ቦሎቄ 7.2
```

በመጀመሪያው ወቅት አካሄድ ብናሰላ 34 ለ39 ሲካፈል 0.87፣ 7.2 ለ12 ሲካፈል 0.60፣ ድምሩም 1.47 ይሆናል። እያንዳንዱን ሰብል በተሻለ አዘራሩ ካገኘው ምርት ጋር ብናነጻጽር ግን 34 ለ41 ሲካፈል 0.83፣ 7.2 ለ18 ሲካፈል 0.40፣ ድምሩም 1.23 ነው። ወቅቱ ያው፣ የስብጥሩ መደብ ያው፣ ሚዛኑም ያው ነው፤ «ብልጫው» ግን ከ47 በመቶ ወደ 23 በመቶ ወርዶ በግማሽ ያህል ቀነሰ። የ39 እና የ41 ኩንታል ልዩነት አነስተኛ ስለሆነ 39ኙን የሚመርጥ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ያኔ ምጣኔው 1.27 ይሆናል። እኛ ስብጥሩን ይበልጥ የሚፈትነውን አካፋይ መርጠናል።

ይህ 1.23 በአጋጣሚ ሊገኝ ይችል እንደሆነ ለማየት በየድግግሞሹ የተገኘውን የስብጥር ምርት ለቋሚዎቹ አካፋዮች፣ ለ41 እና ለ18፣ አካፈልነው። አራቱ ምጣኔዎች 1.32፣ 1.26፣ 1.19 እና 1.14 ሆኑ። የአማካዩ መደበኛ ስህተት 0.04 ነው። በአራት ድግግሞሽ ብቻ ለ95 በመቶ መተማመኛ ይህ ስህተት በ3.18 ስለሚባዛ፣ ክልሉ ከ1.10 እስከ 1.36 ይዘረጋል። የታችኛው ጫፍ ከ1 በላይ ነው። አካፋዮቹ ራሳቸው የመስክ ልኬቶች በመሆናቸው የየራሳቸው ስህተት አላቸው፤ ይህ ስሌት ግን እንደ ቋሚ ስለወሰዳቸው የነርሱን ስህተት አይጨምርም። ስለዚህ ክልሉን እንደ መጨረሻ ፍርድ አላየነውም። አራቱም ድግግሞሾች ከ1 በላይ መሆናቸው ግን ለእኔ ከክልሉ ያላነሰ ማስረጃ ነው። ብልጫው አለ፤ መጠኑ ግን በመጀመሪያ ከተባለው ብዙ ያነሰ ነው።

ስለ አጠራሩም አንድ ነገር ማስተካከል ነበረብን። 1.23 ማለት ያንኑ ምርት ሰብሎቹን ለየብቻ ዘርቶ ለማግኘት 23 በመቶ ተጨማሪ መሬት ያስፈልጋል ማለት ነው። የተቆጠበው መሬት ሲጠየቅ ግን መልሱ አንድ ሲካፈል ለ1.23 ከአንድ ሲቀነስ፣ ማለትም 19 በመቶ ገደማ ነው። ረቂቁ ሁለቱን አገላለጾች እያቀያየረ ይጠቀም ነበር።

አርሶ አደሯ ያነሱት ጥያቄ

ውጤቱ በመስክ ቀን ሲቀርብ በዕድሜ የገፉ አንዲት አርሶ አደር ተመራማሪውን እንዲህ አሉት። «ልጄ፣ እኔ ቦሎቄውን ብቻውን የዘራሁ እንደሆነ በሐምሌ አንስቼ ጤፍ አስከትልበታለሁ። ከበቆሎው ጋራ ከሆነ ግን መሬቱ እስከ መስከረም አይለቀቅልኝም። ይኼን ወረቀታችሁ ላይ አስገብታችሁታል?» አላስገባነውም ነበር።

ቦሎቄው በ90፣ በቆሎው በ145 ቀን ነው የሚደርሰው። የመሬት አቻ ምጣኔ ስፋትን እንጂ ጊዜን አይቆጥርም፤ ለቦሎቄ የተመደበችው 0.40 ሄክታር በሦስት ወር እንደምትለቀቅ አያውቅም። ይህን ጉድለት ለማረም እያንዳንዱ ከፊል ምጣኔ ሰብሉ ለብቻው ሲዘራ በሚወስደው ቀን ተባዝቶ፣ ድምሩ ስብጥሩ መሬቱን በያዘበት ጊዜ ይካፈላል።

```
(0.83 × 145 + 0.40 × 90) ÷ 145 = 1.08
```

መጀመሪያ ላይ እኔ ይህ 1.08 በ1.23 ቦታ እንዲገባ ሐሳብ አቅርቤ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ትክክል አልነበረም። የጊዜው ስሌት የተለቀቀው መሬት በዚያው ቀን ሌላ ሰብል ይይዛል፣ ያም ሰብል እኩል ያመርታል ብሎ ስለሚገምት ስብጥሩን ከሚገባው በላይ ዝቅ ያደርገዋል። የመጀመሪያው ምጣኔ ደግሞ መሬቱ ጦሙን ያድራል ብሎ ስለሚገምት ከፍ ያደርገዋል። ቦሎቄን አንስቶ ጤፍ ለሚያስከትል ቤተሰብ እውነቱ ወደ 1.08 ይጠጋል፤ ከሐምሌ በኋላ ዘር ወይም በሬ ለማይኖረው ቤተሰብ ወደ 1.23 ይጠጋል። በመጨረሻው ሪፖርት ሁለቱም ቁጥሮች፣ እያንዳንዳቸው ለማን እንደሚሆኑ ተገልጾ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ሌላ አርሶ አደር ደግሞ በቆሎው ጉልበት ድረስ ሲደርስ በበሬ የሚደረገው ሽልሻሎ ቦሎቄ በመካከል ካለ እንደማይቻል አስታወሱን። በሙከራ ጣቢያው አረሙ በሁሉም መደብ በእጅ ስለተነቀለ ይህ ልዩነት በመረጃው ውስጥ የለም። የጉልበቱ ዋጋ በምጣኔው አይለካም፤ ለብቻው መመዝገብ ነበረበት።

ከአርሶ አደሩ ምርጫ አንጻር

ምጣኔው ከ1 በላይ መሆኑ ብቻ ስብጥሩን ለሁሉም ሰው የሚመረጥ አያደርገውም። አንድ ሄክታር ያለው ሰው ግማሹን በቆሎ ግማሹን ቦሎቄ ቢያደርገው 20.5 ኩንታል በቆሎና 9 ኩንታል ቦሎቄ ያገኛል። ስብጥሩ የሚሰጠው 34 በቆሎና 7.2 ቦሎቄ ነው። ቦሎቄ ለገበያ የሚፈልግና በትንሹ 9 ኩንታል ማግኘት የሚሻ ሰው በዚህ ስብጥር ግቡን አይመታም። ሙሉውን ማሳ በቆሎ የሚዘራ ሰው ግን ወደ ስብጥር ሲዞር 7 ኩንታል በቆሎ ሰጥቶ 7.2 ኩንታል ቦሎቄ ይቀበላል። በአካባቢው ገበያ የአንድ ኩንታል ቦሎቄ ዋጋ በዚያ ወቅት ከበቆሎው ከሁለት እጥፍ በላይ ስለነበር ይህ ልውውጥ የሚያዋጣ ነው። የወረዳው ምክር በመጨረሻ የተቃኘው ለእነዚህ፣ በቆሎን ቀዳሚ ምግባቸው ላደረጉ ቤተሰቦች ነው።

በአርሶ አደሮች ማሳ ላይ ለማረጋገጥ ያደረግነው ሙከራ በከፊል አልተሳካም። ከአምስት ፈቃደኛ ቤተሰቦች ሁለቱ መሬታቸው ጠባብ ስለሆነ ቦሎቄን ለብቻው የሚዘሩበት መደብ ለመስጠት አልፈቀዱም፤ አካፋይ ስለሌለ በእነርሱ ማሳ ምጣኔውን ማስላት አልተቻለም። ከእነዚህ ማሳዎች የወሰድነው የበቆሎውን ቅናሽና የቦሎቄውን ጭማሪ በኩንታልና በብር ብቻ ነው።

ለሌሎች ሙከራዎች የሚወሰድ

የስብጥር ሪፖርት ሲደርሰኝ አሁን መጀመሪያ የምመለከተው ምጣኔውን ሳይሆን ለብቻቸው የተዘሩትን ሰብሎች ምርት ነው። ያ ምርት በአካባቢው በጥሩ አያያዝ ከሚገኘው በግልጽ ካነሰ ቀሪውን ስሌት ማንበብ አያስፈልግም። ስለዚህ ለብቻው የሚዘራው ሰብል በራሱ በሚመከር ርቀት መዘራቱ፣ አረሙና ማዳበሪያው እንደ ስብጥሩ መጠበቁ፣ ቢቻል ከአንድ በላይ የተክል ብዛት መፈተኑ በዕቅድ ጊዜ መወሰን አለበት፤ ከአጨዳ በኋላ የሚያድነው ስሌት የለም።

ከፊል ምጣኔዎቹም ተነጥለው መጻፍ አለባቸው። 0.83 እና 0.40 እንዲሁም 0.43 እና 0.80 ሁለቱም 1.23 ይሰጣሉ፤ በቆሎ ለሚበላ ቤተሰብ ግን ፍጹም የተለያዩ ማሳዎች ናቸው። ከተለመደው የተክል ብዛት በግማሽ ያህል የተዘራ ሰብል ከፊል ምጣኔው ወደ 0.8 ወይም ከዚያ በላይ ሲወጣ፣ ስብጥሩን ከማድነቅ በፊት ለብቻው የተዘራው መደብ ምን እንደደረሰበት በመስክ ማስታወሻው መፈለግ ይገባል። ማስታወሻው ባይጻፍ ኖሮ የአራተኛውን ድግግሞሽ ውሃ ማንም አያስታውሰውም ነበር።

ተመራማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን በ1.23 አቅርቧል፤ የ1.47ቱንም ስሌት ከነምክንያቱ በአባሪ አስገብቶታል። ለሦስተኛው ወቅት የታቀደው ሙከራ ቦሎቄውን ከሽልሻሎ በኋላ ዘግይቶ በመዝራት አረሙም በበሬ፣ ስብጥሩም በአንድ ማሳ ይቻሉ እንደሆነ የሚፈትን ነው።